ካፕሽን በጥያቄ መጨረስ፦ ኮሜንት ሳትለምኑ ጓደኛን እንዴት ታስወራላችሁ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ባሕር ዳር ፎቶ የሚጠፋበት ከተማ አይደለም፣ ጣና ዳር ወጥቶ ስልክ ማንሳት ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከፎቶው በኋላ ነው፣ ካፕሽኑ ተጽፎ መጨረሻው ላይ ሰው እንዲያወራ አንድ ጥያቄ ሊገባ ሲል። ጓደኞቼ ከመለጠፋቸው በፊት በቴሌግራም "እስኪ ይቺን እያት፣ ልመና ትመስላለች?" እያሉ ይልኩልኛል፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው እዚህ ሰብሰብ ያደረግኩት። የማወራው ጓደኛና ዘመድ ስለሚያየው ፖስት ነው፣ ዕቃ ስለሚሸጥ ፔጅ አይደለም፣ የሱ መንገድ ሌላ ነው።

ካፕሽን በጥያቄ መጨረስ በራሱ ልመና አይመስልም ወይ?

ጥያቄው እውነተኛ መልስ ካለው አይመስልም። ሰውን የሚከብደው መጠየቁ ሳይሆን ከሱ የሚፈለገው ነገር ነው። ለጥምቀት ቀሚስ ለብሳችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ለጥፋችሁ "አምሮብኛል?" ካላችሁ የምትጠብቁት መልስ አንድ ብቻ ነው፣ ጓደኛችሁም ያውቀዋል። ስለዚህ ወይ "በጣም" ብላ እሳት ለጥፋ ታልፋለች፣ ወይ ግዴታ ስለሚመስላት ዝም ትላለች። በሁለቱም ወሬ የለም። በዛው ፎቶ ላይ "ጥለቱን የመረጠችው እናቴ ናት፣ እናንተ ቤት ጥለት የሚመርጠው ማን ነው?" ብትሉ ግን መልሱን እናንተ አታውቁትም፣ የምታውቀው እሷ ናት። አሁን የምትሰጣችሁ ነገር ምስጋና ሳይሆን የራሷ ቤት ወሬ ነው፣ ቀሚሱ ካማረባችሁ ደግሞ ሳትጠየቅ ራሷ ትለዋለች።

እኔ የምጠቀምባት መለያ ቀላል ናት። ጥያቄውን ጻፉና ከመለጠፋችሁ በፊት የጓደኞቻችሁን መልስ በልባችሁ ለመጻፍ ሞክሩ። ሁሉም የሚሉት አንድ ዓይነት ነገር ሆኖ ከታያችሁ ያ ጥያቄ ሙገሳ ፍለጋ ነው ማለት ነው፣ ቀይሩት። አንዷ ይሄን ሌላው ያንን የሚል ሆኖ ከታያችሁና የቱን እንደሚሉ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ልጠፉት።

ግልጽ ልመና የሚባለው የትኛው ነው ታዲያ?

ሦስት ዓይነቱን በብዛት አያለሁ። አንደኛው አሁን ያልኩት ሙገሳ ፈላጊው ነው፣ "እንዴት ነኝ"፣ "ከ10 ስንት ትሰጡኛላችሁ" ምናምን። ሁለተኛው ጓደኛን የሚፈትነው ነው፣ "እስከመጨረሻው የሚያነበኝ ማን እንደሆነ ልይ"፣ "ዛሬ ልደቴ ነው ማን እንደሚያስታውሰኝ እናያለን"። ይሄ ከመጀመሪያውም ይብሳል ምክንያቱም የመለሰ ሰው ፈተና አለፈ፣ ያልመለሰ ወደቀ ማለት ነው፣ ያልመለሰው ሰው ደግሞ ምናልባት ያን ሳምንት ኔትወርክ አልነበረውም ወይ ሐኪም ቤት እናቱን እያስታመመ ነው። ልደታችሁ ከሆነ ልደቴ ነው በሉ፣ ሰው ደስ ብሎት እንኳን ተወለድሽ ይላል፣ ፈተና ማድረግ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ትዕዛዝ ነው፣ "ኮሜንት ላይ 1 ብላችሁ ጻፉ"፣ "የሚስማማ ላይክ የማይስማማ ሼር"። ይሄ ጥያቄ እንኳን አይደለም።

ሌላ ሳይታወቀን የምናስገባት ነገር "እባካችሁ" ናት። ደም ለጋሽ ስትፈልጉ ወይ የጠፋ ሰው ስታፋልጉ ቦታዋ ነው። ከዓሳና ከጀልባ ፎቶ ስር ስትገባ ግን ጥያቄውን ታከብደዋለች፣ "እስኪ" በቂ ነው። "እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ" ሲባል ሰው ያዋቂነቱን ቦታ ይይዛል፣ "እባካችሁ ኮሜንት አድርጉ" ሲባል ግን ሰጪ ነው የሚሆነው።

እሺ አንድ ፎቶ ይዘሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳይን

በጣም የማውቀውን ልውሰድ፣ ዓሳ። የአክስቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ ያነሳችው ፎቶ ነው። ጠረጴዛው ላይ በሳህን ሙሉ ቆሮሶ አለ፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ ድርቅ ብሎ የተጠበሰ፣ አጠገቡ የተቆረጠ ሎሚና ሚጥሚጣ፣ ከኋላ ውሃው። የላከችልኝ ካፕሽን እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ጣና ዳር ከምወዳቸው ጋር፣ በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር። ዓሳ የሚወድ ላይክ ያድርግ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?"

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተበላሽቷል። "ላይክ ያድርግ" ትዕዛዝ ነው፣ እሱ ይውጣ። "ምን ትላላችሁ" ደግሞ ስለምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ስለ ዓሳው ነው፣ ስለ ቀኑ ነው፣ ስለ ጓደኞቿ ነው? ሰው ምን እንደተጠየቀ ለማወቅ ካሰበ አይመልስም፣ ጣቱ አልፎ ይሄዳል።

ሁለተኛ ሙከራዋ "ባሕር ዳር ውስጥ ምርጥ ዓሳ የት ነው የሚበላው?" የሚል ነበር። ይሄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ መልስ አለው፣ መጥፎ አይደለም። ግን እስኪ የሷን ጓደኞች እንይ። ገሚሶቹ እዚሁ ከተማ ያሉ ናቸው፣ ገሚሶቹ እዚህ ተምረው ወይ አድገው አዲስ አበባና ውጭ አገር የሄዱ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጣናን በፎቶ ብቻ የሚያውቁ። ይሄን ጥያቄ የሚመልሱት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው። እነሱም የሚሉት የቤት ስም ነው፣ ስም ተጽፎ ያልቃል፣ ከዛ በኋላ የሚወራ የለም። የሄዱት ደግሞ አሁን የቱ ቤት እንዳለ የቱ እንደተዘጋ ስለማያውቁ ዝም ይላሉ፣ እሷ ደግሞ በጣም የናፈቋት እነሱ ነበሩ።

ሦስተኛዋን አብረን ሠራናት፦ "ዓሳ ጥብስ ሲመጣ እኔ ጅራቱን ነው ቀድሜ የምሰብረው፣ ሲንኮሻኮሽ ደስ ይለኛል። እናንተ ከየት ነው የምትጀምሩት?" በቃ ይሄው ነው። ፎቶው ላይ የሚታየውን ነገር ነው የምትጠይቀው፣ ሰው ዓይኑን ከዓሳው ሳያነሳ መልሱ ይመጣለታል። አሜሪካ ያለው የክፍሏ ልጅም እዚህ ያለችው ጎረቤቷም እኩል መመለስ ይችላሉ። ጣናን ያላየውም ቢሆን ሌላ ቦታ ዓሳ በልቶ ያውቃል።

የመጡት መልሶች ደስ የሚሉ ነበሩ። አንዱ ከጀርባው ነው ስጋው እዛ ጋ ነው አለ፣ ሌላዋ ጭንቅላቱን አለች፣ ከሷ ስር አንዲት ዘመዳችን እኛ ቤት ጭንቅላቱ ለአባባ ነበር የሚቀመጠው ብላ ጻፈች፣ እዛች ላይ ወንድሟ መጥቶ አንቺ ግን እየሰረቅሽ ትበይ ነበር አላት፣ ከዛ በኋላ የአክስቴ ልጅ ምንም ማድረግ አላስፈለጋትም፣ እርስ በርሳቸው ቀጠሉ። ለኔ የተሳካ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው፣ ሰዎቹ ለጠያቂዋ መመለስ ትተው እርስ በርስ ሲያወሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከጥያቄው በፊት የራሷን መልስ ሰጥታለች። ይሄ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። መልሳችሁን ሳትሰጡ "ከየት ነው የምትጀምሩት?" ብቻ ካላችሁ የመምህር ጥያቄ ይመስላል፣ ቀድማችሁ የራሳችሁን ካወጣችሁ ግን ሰው ምን ያህል መጻፍ እንዳለበትም ያያል። እናንተ አንድ መስመር ከጻፋችሁ አንድ መስመር ይጽፋል። ልኩን ግን አትለፉ፣ የጅራቱን የጀርባውን የጭንቅላቱን ጥቅምና ጉዳት እናንተው ተንትናችሁ ከጨረሳችሁ ለሰው የቀረ ነገር የለም።

"እናንተስ?" ብሎ መጨረስ ምን ችግር አለው?

ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ የተወሰነ ነገር ከሆነ ምንም ችግር የለውም፣ እንደውም አጭርና ቆንጆ ነው። "ዘጌ ስሄድ ከሁሉ ደስ የሚለኝ ጫካው ውስጥ የቡናው ጥላ ነው፣ እናንተስ?" ይሠራል። "ዛሬ አሪፍ ቀን ነበር፣ እናንተስ?" ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ሰው አሪፍ ቀን ካልነበረው ምን ይበል? "እናንተስ" የምትንጠለጠልበት ነገር ትፈልጋለች።

አዎ ወይ አይደለም የሚባል ጥያቄ ይሻላል ወይስ ሰፋ ያለ?

ሰፋ ያለው ጥሩ ይመስላል፣ ግን ስልክ ይዞ ባጃጅ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ከባድ ነው። "ጣና ለናንተ ምን ማለት ነው?" ብትሉኝ እኔ ራሴ አልመልስም፣ ብዙ ነገር ስለሆነ። ደረቁ አዎ/አይደለም ደግሞ "አዎ" ተብሎ ይቆማል።

መሀል ያለው ነው የሚሻለው፣ መግቢያው ጠባብ ሆኖ ከኋላው ጅራት ያለው። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ፎቶ አንስታችሁ ከሆነ "ከድሮው ድልድይ ላይ ሆናችሁ ጉማሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከየት በኩል ነበር?" በሉ። ያየ ሰው አዎ ብሎ አይቆምም ቦታውን ይናገራል፣ ያላየውም "እኔ እስካሁን ስፈልግ ነው" ይላል፣ ሁለቱም መግቢያ አገኙ። ጥያቄው ከሁለት በላይ እንዳይሆን ግን፣ ሦስት አራት ጥያቄ ከተደረደረ ቅጽ የሚያስሞሉ ነው የምትመስሉት።

ሁለት ምርጫ መስጠትም ጥሩ ነው፣ "ዘጌ በጀልባ ይሻላል ወይስ በመኪና?" ዓይነት፣ ሁለቱም ወገን እውነተኛ ደጋፊ ካለው። አንዱ ምርጫ ለይስሙላ የገባ ከሆነ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ኮሜንት የሚያመጣ ጥያቄ ሁሉ ጥሩ ነው?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ያንኑ የዓሳ ፎቶ በዐቢይ ጾም ለጥፋችሁ "ዓሳ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም?" ብትሉ ኮሜንቱ ይጎርፋል። ግን ምን ዓይነት ኮሜንት? አንዱ ጥቅስ ያመጣል፣ ሌላው ቤተክርስቲያንን ሰደብክ ይላል፣ የማታውቁት ሰው ገብቶ አክስታችሁን ይሞግታል፣ ማታ ላይ ሁለት የሚዋደዱ ጓደኞቻችሁ አይነጋገሩም። እናንተ ደግሞ የፈለጋችሁት ስለ ምሳችሁ ማውራት ብቻ ነበር። በፖለቲካም በብሔርም እንደዛው ነው፣ ፎቶው የጀልባ ሆኖ ጥያቄው የጦርነት ከሆነ ሰው የመጣው ለናንተ አይደለም።

የምለየው እንዲህ ነው፣ አንድ ሰው የመለሰው መልስ ሌላውን ሰው "ተሳስተሃል" የሚያስብል ከሆነ ጥያቄውን ተዉት። ጅራት የሚወድና ጭንቅላት የሚወድ ሰው ቢሟገቱም እየሳቁ ነው።

ምክር መጠየቅስ? እሱ ራሱ ችግረኛ አያስመስልም?

በፍጹም፣ እንደውም ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው፣ የምር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ብቻ። "ቅዳሜ እናቴን ይዤ ገዳማቱን ላሳያት ነው፣ ጠዋት ብቻ ነው ጊዜ ያለን፣ የቱን ላስቀድም?" ብሎ የጻፈ ሰው ስንት ነገር እንደሚማር። አንዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እንዳታሳልፋት ሥዕሎቹን ትይ ይላል፣ ሌላዋ ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ እናትህን ይዘህ እዛ እንዳትለፋ ትላለች፣ ሌላው ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ውጡ ይላል። ልብ ካላችሁ ጥያቄው ውስጥ ማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት የሚለው አለ፣ ለዛ ነው መልሱም ቁም ነገር የሆነው። "የት ልሂድ?" ብቻ ቢል ኖሮ "ወደ ላይ" የሚል ቀልድ ነው የሚመጣለት።

ግን ምክር የጠየቀ ሰው ዕዳ አለበት። ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ እዛው ኮሜንት ስር "ዑራን ሄድን እናቴ ከሥዕሎቹ ፊት አልነሳም አለች፣ አመሰግናለሁ" በሏቸው። ይሄን ሳታደርጉ በሳምንቱ ሌላ ምክር ከጠየቃችሁ ሰው የመጀመሪያውንም ለኮሜንት ነበር ብሎ ያስባል፣ ልክም ነው።

ፌስቡክ ጥያቄ ያለበትን ፖስት ይደብቃል ይባላል፣ እውነት ነው?

ጥያቄ ስላለው አይደብቅም። ፌስቡክ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2017 ያስታወቀው ሰውን በግድ ላይክ፣ ኮሜንት፣ ታግ፣ ሼር ወይ ድምፅ እንዲሰጥ የሚጎተጉቱ ፖስቶችን ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ ነው፣ "የምትወዱ ልብ የምትጠሉ ቁጣ ተጫኑ"፣ "እንዲህ ያለ ጓደኛችሁን ታግ አድርጉ" የሚሉትን ማለት ነው። ያኔውኑ ደግሞ እርዳታ፣ ምክር ወይ ጥቆማ የሚጠይቁ ፖስቶች በዚህ እንደማይጎዱ ተናግሯል፣ የጉዞ ምክር መጠየቅን ራሱ እንደ ምሳሌ አንስቶታል። ስለዚህ ከላይ ያለው የገዳማት ጥያቄ ምንም አይሆንም፣ "ጣናን የምትወዱ አዎ በሉ" ግን ለሰውም ለፌስቡክም አይመችም።

ጥያቄው የት ጋ ይቀመጥ? መጨረሻ ላይ ማንም አያየውም የሚሉም አሉ

እውነት አላቸው፣ ካፕሽኑ ረጅም ከሆነ። ኢንስታግራም ላይ እስከ 2,200 ፊደልና ምልክት ድረስ መጻፍ ይቻላል ግን ሰው ሲያልፍ የሚታየው መጀመሪያ ያለው ትንሽ ነው፣ ቀሪው ካልተነካ አይከፈትም። ፌስቡክም ረጅም ጽሑፍን ይቆርጣል። ስለዚህ ስለ ዘጌ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ጥያቄዋ ከታች ብትቀበር ጥፋቱ የጥያቄዋ አይደለም።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ማሳጠር ነው። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገርና ጥያቄው፣ የዓሳውን ካፕሽን አይታችኋል እሱ አይቆረጥም። ታሪኩ የግድ ረጅም ከሆነ ደግሞ የጥያቄውን ጉዳይ መጀመሪያው መስመር ላይ ፍንጭ አድርጉት፣ "ዓሳ ጭንቅላቱን ለታላቅ የሚተው ቤት ነው ያደግኩት" ብላችሁ ጀምራችሁ ታሪኩን አውርታችሁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ያን መስመር አይቶ የከፈተ ሰው መልስ ይዞ ነው የሚወርደው። ከጥያቄው በፊት አንድ መስመር ባዶ ተዉ፣ ከጥያቄው በኋላ ግን ሀሽታግ አትደርድሩ፣ የሰው ዓይን መጨረሻ የሚያርፈው ሀሽታጉ ላይ ይሆንና ጥያቄዋ ትጠፋለች። ሀሽታግ የግድ ካላችሁ መጀመሪያው ኮሜንት ላይ አድርጉት።

ታላላቆቼም ያዩኛል፣ አንተ ነው አንቺ ነው እናንተ የምለው?

እናንተ። ፌስቡክ ላይ የሰፈር ልጅም፣ ጋሼም፣ እትዬም፣ የድሮ አስተማሪያችሁም አሉ፣ "እናንተ" ሁሉንም ይይዛል ማንንም አያስቀይምም። "አንተስ ከየት ትጀምራለህ?" ስትሉ ሴቶቹን አስወጣችሁ፣ ታላላቆቹንም አንተ አላችሁ፣ በዛ ላይ የማስታወቂያ ድምፅ አለው።

ጥያቄው ላይ እናንተ ብላችሁ ሪፕላይ ስታደርጉ ግን ወደ ሰውየው ተመለሱ። ለጓደኛችሁ "አንቺማ ታውቂያለሽ"፣ ለአጎታችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ የምትሏቸውን በሉ፣ እኛ አካባቢ አንቱ የሚባሉ ከሆነ እዛም አንቱ። እዛች ላይ ነው ትልቅ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚጽፈው ወይ የሚተወው።

ማንም ካልመለሰስ?

መጀመሪያ አትሰርዙት፣ "ምነው ዝም አላችሁ?" ብላችሁም አትጻፉ። ዝም የተባለ ጥያቄ ማንንም አያሳፍርም፣ ተከትሎት የመጣው ወቀሳ ግን ይታወቃል። በሌላ ስም ገብቶ ለራስ መመለስም ይታወቃል።

ከዛ የሆነውን እዩት፣ ምን እንደተበላሸ ራሱ ይናገራል። ላይኩ ብዙ ሆኖ ኮሜንት ከሌለ ሰው ፎቶውን ወዶታል፣ ጥያቄው ግን ከብዶታል ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ጠበብ አድርጉት። ኮሜንቱ ሁሉ ልብና እሳት ከሆነ የጠየቃችሁት ሙገሳ ነበር። ሰው እዛ ዝም ብሎ በኢንቦክስ ከመለሰላችሁ ጥያቄው አደባባይ ላይ የሚመለስ አልነበረም፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤተሰብ ጠብ ስትጠይቁ እንዲህ ይሆናል፣ ሰውየው ጓደኛ ስለሆነ ነው ለብቻችሁ የነገራችሁ፣ እሱን ወደ አደባባይ አታውጡት። የማታውቋቸው ሰዎች ብቻ ከመለሱ ደግሞ ጥያቄው በጣም አጠቃላይ ነበር፣ ጓደኞቻችሁ የነሱ ጥያቄ አልመሰላቸውም።

አንዳንዴ ደግሞ ሰዓቱ ነው በቃ። ሰው ሥራ ላይ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሌላ ትልቅ ወሬ አለ። ያንኑ ፎቶ መልሳችሁ አትለጥፉ፣ ጥያቄውን ግን ከወራት በኋላ በሌላ ፎቶ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

መልስ ሲመጣ ምን ላድርግ?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፣ ምክንያቱም ጠይቆ የሚጠፋ ሰው ካልጠየቀው ይብሳል። ስለዚህ ጀልባ ልትሳፈሩ ስትሉ አትለጥፉ፣ ሐይቁ መሀል ኔትወርክ ሄዶ እስክትመለሱ መልሶቹ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ለመመለስ ስልካችሁ አጠገባችሁ ሲሆን ልጠፉ።

ሪፕላዩ "አመሰግናለሁ" ብቻ ከሆነ በር ዘጋችሁ። ከመልሱ ውስጥ አንድ ነገር ይዛችሁ ተመለሱ። "ጭንቅላቱ ለአባባ ነበር" ላለችው "ዓይኑንስ ይበሉት ነበር?" ብትሏት ሌላ ወሬ ወጣ። ለሁሉም እኩል ርዝመት መመለስ አይጠበቅባችሁም፣ ቀልድ ላመጣ ሳቅ ይበቃዋል፣ ታሪክ ላመጣች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አትንፈጓት። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ከጀመሩ ደግሞ ተዉአቸው፣ በየመሀሉ አትግቡ። ኢንስታግራም ላይ ደስ ያለቻችሁን መልስ ከላይ ፒን ማድረግም ትችላላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እሷን አይቶ በምን ልክ እንደሚጻፍ ያውቃል።

ጥያቄ የማይገባበት ፖስትስ አለ?

አለ። የሐዘን ፖስት ላይ ጥያቄ አይገባም፣ ሰው ራሱ የሚለውን ያውቃል፣ ነፍስ ይማር ይላል። ሟቹን የሚያውቁ ሰዎች ትዝታቸውን እንዲጽፉ ከፈለጋችሁ ከቀብርና ከሠልስት በኋላ ቆይታችሁ በሌላ ፎቶ "አብራችሁት የሠራችሁ ካላችሁ የምታስታውሱትን ጻፉልን፣ ልጆቹ ያነቡታል" ማለት ይቻላል፣ እሱ ደግሞ ልጆቹ ከፈቀዱ ነው።

ጣና ላይ የእምቦጭ ፎቶ ለጥፋችሁም ከሆነ ተጠንቀቁ። "ምን ይሻላል?" ካላችሁ ሁሉም መንግሥትን ወይ ሌላውን ሰው ይወቅስና ያልቃል። "በናንተ በኩል ዳርቻው ላይ ዘንድሮ ደርሷል? የት አካባቢ?" ካላችሁ ግን ደንቢያም ጎርጎራም ያለ ሰው ያየውን ይነግራችኋል።

በየፖስቱ ልጠይቅ?

አይ። የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ዝም ብሎ ይለጠፍ። መልሱን የምር መስማት የፈለጋችሁ ቀን ብቻ ጠይቁ።

ጥያቄው ላይ ሰው ታግ ባደርግስ?

አንድ ሰው፣ ምክንያቱ ከተጻፈ። "ቆሮሶ ማገላበጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት" ብላችሁ ታግ ካደረጋችኋት ደስ ብሏት ትመጣለች። ስማቸው ተደርድሮ ታግ የተደረጉ ሃያ ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው ሌላው ይመልሳል ብለው ነው የሚያልፉት፣ አንዳንዱም ኖቲፊኬሽኑ ሰልችቶት ታጉን ያነሳዋል። ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ካልቻላችሁለት ሰው ስሙን ተዉት።